እግር መቼ ይረግጣል? በአንድ የቁርጭምጭሚት ስብራት የመውጫ ማጠቃለያ ላይ የተደረገ የጉዳይ ጥናት

ይህ ጽሑፍ በቀዶ ሕክምና በብረት የተጠገነ የቁርጭምጭሚት ስብራት ያጋጠማቸው አንዲት እናት ከሆስፒታል ሲወጡ የተሰጣቸውን ማጠቃለያ ይመለከታል። ቀዶ ሕክምናው ራሱ በየሳምንቱ የሚሠራ ዓይነት ነው። ለመመዝገብ ያበቃው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው፦ እግራቸውን መቼ፣ ምን ያህልና በማን ፈቃድ መሬት ላይ እንደሚያሳርፉ በወረቀት ላይ የተጻፈበት መንገድ። የታካሚዋን ማንነት ሊጠቁሙ የሚችሉ ዝርዝሮች ተለውጠዋል።

የታካሚዋ ሁኔታ

ታካሚዋ የ54 ዓመት የእህል ነጋዴ ናቸው። የሚኖሩት ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ አራት ሰዓት ያህል በሚያስኬድ ከተማ ነው። የስኳርም ሆነ የደም ግፊት ሕመም የለባቸውም፤ ክብደታቸው 68 ኪሎ ነው። ነሐሴ 11 ቀን ጠዋት ከመጋዘናቸው ሲወጡ ጭቃ የያዘው ደረጃ አዳለጣቸውና ቀኝ እግራቸው ተጠምዝዞ ወደቁ። ቁርጭምጭሚቱ ከቦታው መውጣቱ በዓይን ይታይ ነበር። ጎረቤት የጠራው ወጌሻ ስቦ ለመመለስ ሞከረ፤ ከዚያም በቀርከሃ ስንጥርና በጨርቅ አጥብቆ አሰረው።

በማግስቱ ወደ ሆስፒታላችን ሲደርሱ ጣቶቻቸው ደንዝዘው ነበር። ማሰሪያው ሲፈታ ስሜታቸው ተመለሰ። በድንገተኛ ክፍል መገጣጠሚያው በማደንዘዣ ወደ ቦታው ተመልሶ በግማሽ ጄሶ ተያዘ። ይሁንና እብጠቱ ከፍተኛ ነበር፤ በውጭ በኩል ውኃ የቋጠሩ ቆዳዎችም ወጥተው ነበር። በእንዲህ ያለ ቆዳ ላይ ቢላዋ ማሳረፍ ቁስሉ እንዳይገጥምና እንዲመረቅዝ መጋበዝ ስለሆነ እግሩ ከፍ ብሎ እንዲቆይ ተደረገ። ቆዳው መሸብሸብ ሲጀምር፣ ነሐሴ 20 ቀን፣ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገቡ።

ምን ተሰበረ፣ በምን ተያዘ

የእግር ማረፊያ መመሪያው ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ስለሆነ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል። ቁርጭምጭሚት ላይ ሁለት አጥንቶች ከላይ ይወርዳሉ፦ ወፍራሙ የቅልጥም አጥንትና በውጭ በኩል ያለው ቀጭኑ አጥንት። ሁለቱ ከታች ተገጣጥመው በመካከላቸው የእግሩን የላይኛ አጥንት ይይዛሉ። ከመገጣጠሚያው ትንሽ ከፍ ብሎ ደግሞ ሁለቱን አጥንቶች እርስ በርስ የሚያስተሳስሩ ጠንካራ ጅማቶች አሉ።

በታካሚዋ ላይ የውስጠኛው ጉብታ ተሰብሯል። ቀጭኑ አጥንት ደግሞ ከመገጣጠሚያው በላይ ተሰብሯል፤ ሐኪሞች ዌበር ሲ የሚሉት ዓይነት ነው። ቀጭኑ አጥንት በፕሌትና በብሎኖች፣ የውስጠኛው ጉብታ በሁለት ብሎኖች ተያዘ። ከዚህ በኋላ ቀዶ ሐኪሙ ቀጭኑን አጥንት በመንጠቆ ወደ ውጭ እየሳበ በራጅ ሲመለከት በሁለቱ አጥንቶች መካከል ያለው ክፍተት ሰፋ። ይህ የሚያስተሳስሯቸው ጅማቶች መበጠሳቸውን ያሳያል። ስለዚህ ከቀጭኑ አጥንት ወደ ወፍራሙ የሚያልፍ አንድ ባለ 3.5 ሚሊሜትር ብሎን ተጨመረ። ይህ ብሎን የተሰበረ አጥንት አይይዝም፤ ሥራው ጅማቶቹ እስኪጠገኑ ሁለቱን አጥንቶች አቀራርቦ ማቆየት ነው።

ሰው ሲረግጥ የእግሩ የላይኛ አጥንት እንደ ሽብልቅ በሁለቱ መካከል ይገባና ሊያራርቃቸው ይገፋል። ጅማቶቹ ጤነኛ ከሆኑ ግፊቱን ይመክታሉ። ከተበጠሱ ግን ሸክሙን የሚቀበለው ያ አንድ ብሎን ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በእንግሊዝኛ የታተመ የላቦራቶሪ ጥናት የእግሩ የላይኛ አጥንት 1 ሚሊሜትር ብቻ ወደ ውጭ ቢንሸራተት መገጣጠሚያው የሚነካካበት ስፋት በ42 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ኋላ የመጡ ጥናቶች ቁጥሩን ዝቅ ቢያደርጉትም ጥቂት ሚሊሜትር ለቁርጭምጭሚት ብዙ መሆኑ አላከራከረም።

ችግሩ፦ አራት መስመር ያለው ቅጽ

ነሐሴ 23 ቀን ለመውጣት ዝግጁ ሆኑ። በዎርዱ የሚሞላው ቅጽ ለመመሪያ የተወው ቦታ አራት መስመር ነው፤ በዚያ ቦታ የሚጻፈውም በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው፦ ቀዶ ሕክምና ተደርጓል፣ የሕመም ማስታገሻ፣ እግሩ ላይ አይርገጡ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይመለሱ። ቅጹ በእንግሊዝኛ ስለሚሞላ ታካሚውም አያነበውም።

በዚህ ጉዳይ አራቱ መስመሮች እንደማይበቁ ግልጽ ነበር። ታካሚዋን በሚቀጥሉት ሳምንታት የሚያዩዋቸው እኛ አይደለንም። ስፌት የምታወጣው በአካባቢያቸው ጤና ጣቢያ ያለች ነርስ ናት፤ ችግር ቢመጣ የሚያያቸው በአቅራቢያቸው ባለው ሆስፒታል ያለ ጠቅላላ ሐኪም ነው። «አይርገጡ» የሚለው ትእዛዝ ምክንያቱ ካልተጻፈ ደግሞ በቅን ልቦና ሊሻር ይችላል። የቁርጭምጭሚት ስብራት ሁሉ ስድስት ሳምንት መጠበቅ አለበት የሚባልበት ጊዜ አልፏል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በላንሴት መጽሔት የታተመ የእንግሊዝ ሀገር ጥናት ከቀዶ ሕክምና ሁለት ሳምንት በኋላ መርገጥ የጀመሩ ታካሚዎች ስድስት ሳምንት ከጠበቁት የባሰ ውጤት እንዳልገጠማቸው አሳይቷል። ይህን ያነበበ ሐኪም ወረቀቱ ላይ «የቁርጭምጭሚት ስብራት፣ በፕሌት የተያዘ» የሚል ብቻ ካገኘ በሁለተኛው ሳምንት እንዲረግጡ ቢፈቅድ አይወቀስም። የሚያሳስበው ያ ተጨማሪ ብሎን ነው፤ እሱ ካልተጻፈ ማንም ሊገምተው አይችልም።

ሌላው ጣጣ የቀን አቆጣጠር ነው። «ስድስት ሳምንት» ከመቼ ይቆጠራል፣ ከቀዶ ሕክምናው ወይስ ከመውጫው? ቤተሰቡ «አንድ ወር ተኩል» ብሎ ከነሐሴ 20 ቢቆጥር ጥቅምት 5 ላይ ይደርሳል። ትክክለኛው 42ኛ ቀን ግን መስከረም 27 ነው፤ በመካከል አምስት ቀን ያላት ጳጉሜን አለች።

እንደገና የተጻፈው ማጠቃለያ

ሁለት ወረቀት ተዘጋጀ። አንደኛው ለባለሙያዎች ነው። የስብራቱን ዓይነት፣ የገቡትን ብረቶች፣ ተጨማሪው ብሎን ለምን እንደገባ፣ በቀዶ ሕክምናው መጨረሻ መገጣጠሚያው በራጅ ምን ይመስል እንደነበር ይዘረዝራል። አንቲባዮቲክ ከቀዶ ሕክምናው በፊት እንደተሰጠና በመውጫ ጊዜ እንደማያስፈልግ ጭምር ተጻፈ፤ ካልተጻፈ መንገድ ላይ የሚጨምርላቸው አይጠፋም። የደም መርጋት መከላከያው መርፌ የሚያቆምበት ቀንም ሰፈረ። ብረቶቹን በሚመለከት «ተጨማሪው ብሎን በኋላ ሊላላ ወይም ሊሰበር ይችላል፤ ይህ ብቻውን ለድንገተኛ ሪፈር አያበቃም» የሚል ዓረፍተ ነገር ገባ።

ሁለተኛው በአማርኛ፣ ለታካሚዋና ለቤተሰባቸው የተጻፈ ነው። የእግር ማረፊያው ክፍል እንዲህ ይላል፦

«እስከ መስከረም 27 ቀን ቀኝ እግርዎን መሬት ላይ አያሳርፉ፤ ለመቆምም፣ ለመመጣጠንም ቢሆን። ምክንያቱ፦ ሁለቱን የእግር አጥንቶች አንድ ላይ የያዘው አንድ ብሎን ነው፤ ቢረግጡበት አጥንቶቹ ሊራራቁ ይችላሉ። ሕመሙ ከዚያ ቀን በፊት ይጠፋል። ሕመም መጥፋቱ መርገጥ ይቻላል ማለት አይደለም። መርገጥ የሚፈቅድልዎ ራጁን ያየ የአጥንት ሐኪም ብቻ ነው።

ግማሽ ጄሶው ለስፌት ይፈታል፤ ስፌቱ ከወጣ በኋላ ተመልሶ ይታሰራል። ቁርጭምጭሚቱ በማንም አይታሽ፣ አይጎተት። የእግር ጣቶችዎንና ጉልበትዎን በየሰዓቱ ያንቀሳቅሱ። ሲተኙ እግርዎ ከልብዎ ከፍ ይበል።»

ስለ መታሸት የተጻፈው ሳይታሰብበት አልገባም። ቤተሰቡ ያንኑ ወጌሻ ያምነዋል፤ እኛም እሱን ለማጣጣል ምንም ምክንያት አልነበረንም። በውስጥ ብሎን መኖሩን ከነምክንያቱ መጻፍ «ወጌሻ ጋ አትሂዱ» ብሎ ከመቆጣት የተሻለ ነው፤ ወጌሻው ራሱ ሊያነበው ይችላልና።

የክትትሉ ዕቅድ በቀንና በቦታ ተከፈለ። ጳጉሜን 4 ቀን በአካባቢው ጤና ጣቢያ ስፌት ይወጣል። መስከረም 27 ቀን በቀዶ ሕክምና ሆስፒታሉ ራጅ ይነሳና ስለ መርገጥ ይወሰናል። ኅዳር 9 ቀን፣ በ12ኛው ሳምንት፣ ሌላ ራጅ ይነሳል። ሳይጠብቁ የሚመጡባቸው ምልክቶችም ተዘረዘሩ፦ ቁስሉ ከቀላ፣ መግል ካወጣ ወይም ትኩሳት ካለ፤ ጣቶች ከቀዘቀዙ ወይም ከደነዘዙ፤ ባት አብጦ ካመመ፤ በድንገት ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ። ለመጨረሻው «የትኛውም ቅርብ ሆስፒታል፣ በዚያው ሰዓት» ተብሎ ተጻፈ።

ቤት ከደረሱ በኋላ

ስፌቱ በቀኑ ወጣ። በውጭ በኩል ያለው ቁስል በአንድ ጫፉ ትንሽ ተከፍቶ ጥርት ያለ ፈሳሽ ያወጣ ነበር፤ ነርሷ እንደ ወረቀቱ በየሁለት ቀኑ እየጠረገች ሸፈነችው፣ በሳምንቱ ደረቀ። ግማሽ ጄሶውንም መልሳ አሰረችው። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ስፌት ሲወጣ ጄሶም አብሮ የሚጣልበት ጊዜ ብዙ ነው።

ያልሠራው ክራንቹ ነው። በዎርዱ ኮሪደር ፊዚዮቴራፒስቱ በክራንች አስለማምዷቸው ጥሩ ተራምደው ነበር። የቤታቸው ግቢ ግን ተዳፋትና ጭቃ ነው፤ መጸዳጃውም በግቢው ጥግ፣ ቁጢጥ የሚባልበት ዓይነት። በአንድ እግር ቁጢጥ ብሎ መነሳት ለወጣትም ይከብዳል። በሦስተኛው ቀን ልጃቸው ደውሎ እናቱ ሊወድቁ ሲሉ በቀኝ እግራቸው መሬት እንደነኩ ተናገረ። መፍትሔው ርካሽ ነበር፦ አናጺ መሀሉ የተበሳ ወንበር ሠራላቸው፣ ከሥሩ ባልዲ ገባ፤ ለቤት ውስጥ ደግሞ በክራንቹ ፋንታ ባለ አራት እግር መደገፊያ ተገኘ። የደጃፉን ደረጃ ተቀምጠው፣ በመቀመጫቸው እየተንሸራተቱ እንዲወጡና እንዲወርዱ ተነገራቸው። አላፈሩበትም።

እግር ከፍ ማድረግም በታሰበው መንገድ አልሄደም። ሦስተኛው ሳምንት ሲሞላ ወደ ሱቃቸው ተመለሱ። እግራቸውን በርጩማ ላይ አስቀምጠው ሲሸጡ ይውላሉ፤ በእሳቸው አረዳድ ከፍ ብሏል። በርጩማው ግን ከልብ በታች ነው፤ ማታ ማታ እግሩ እስከ ባት ያብጥ ጀመር። የደም መርጋት እንዳይሆን በአቅራቢያው ሆስፒታል ታዩ። ባታቸው ለስላሳ ነበር፤ ሲጫኑትም አላመመም። በአልትራሳውንድ የደም ሥሮቹ ንጹሕ ሆነው ተገኙ። ከዚያ በኋላ ቀትር ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ተኝተው፣ እግራቸውን በሁለት ትራስ ላይ ማድረግ ጀመሩና እብጠቱ ቀነሰ። «ከልብ ከፍ» ከማለት «ተኝተው፣ ሁለት ትራስ ላይ» ማለት ይሻል ነበር፤ አሁን በወረቀቱ ላይ የሚጻፈው እንዲህ ነው።

ወሳኙ ፈተና የመጣው በመስቀል ሰሞን ነው። ሕመሙ ጠፍቷል፣ ቁስሉ ድኗል፣ ቤቱ በእንግዳ ተሞልቷል። ታካሚዋ በአቅራቢያቸው ያለውን ሐኪም «ልጄ፣ ምንም አላመመኝም፤ ካሁን በኋላ ብረግጥ ምን አለበት?» አሉት። ሐኪሙም መፍቀድ እንደቃጣው ኋላ ነግሮናል። ማጠቃለያውን ሲያነብ ስለ ብሎኑ የተጻፈውን አገኘና ደወለልን፤ ወጪውም አንድ የስልክ ጥሪ ሆነ። መስከረም 27ን እንዲጠብቁ ነገራቸው። እንደማይስማሙ ሳይደብቁ ጠበቁ።

ስድስተኛው ሳምንት፦ ራጁና የእህል ሚዛኑ

ታካሚዋ መንገድ ለማሳጠር ብለው ራጁን በከተማቸው ተነስተው ነበር የመጡት። ፊልሙ የፊትና የጎን ብቻ ነው። እኛ ማየት የምንፈልገው በእግሩ የላይኛ አጥንት ዙሪያ ያለው ክፍተት እኩል መሆኑን ነው፤ ለዚያ እግሩ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ወደ ውስጥ ዞሮ የሚነሳ ሌላ ራጅ ያስፈልጋል። በቀጥታ በተነሳው ፊልም ላይ ቀጭኑ አጥንት በወፍራሙ ላይ ስለሚደረብ ክፍተቱ አይነበብም። ስለዚህ እኛ ጋ እንደገና ተነሱ። ከውጭ ለሚነሳ ራጅ «የቁርጭምጭሚት ራጅ» ብሎ መጻፍ ይህን ያስከትላል፤ «የፊት፣ የጎን፣ እግር ወደ ውስጥ 15 ዲግሪ ዞሮ» ማለት ያስፈልጋል።

በአዲሱ ራጅ ክፍተቱ በሁሉም በኩል እኩል ነበር፤ ብሎኖቹም አልላሉም፣ በቀጭኑ አጥንት ስብራት ላይ አዲስ አጥንት መታየት ጀምሯል። በከፊል እንዲረግጡ ተፈቀደ፦ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እስከ 20 ኪሎ፣ ለቀጣዮቹ ሁለት ሳምንታት እስከ 35 ኪሎ፣ ከጥቅምት 25 ጀምሮ፣ ካላመመ፣ ሙሉ በሙሉ። ክራንቹ እስከዚያ አይጣልም።

ሃያ ኪሎ በእግር ምን ያህል ነው? ታካሚው ሁሉ «ቀስ አድርጌ ነው የምነካው» ይላል፤ ቀስታውን የሚለካ ግን የለም። እዚህ ላይ የእሳቸው ሙያ ረዳን። ሱቃቸው ውስጥ መሬት ላይ የሚቀመጥ የእህል ሚዛን አለ። ቀኝ እግራቸውን በሚዛኑ ላይ፣ ግራውን ከሚዛኑ ጋር እኩል በሆነ ጣውላ ላይ አድርገው፣ ክራንቹን ይዘው ቀስ በቀስ እንዲጫኑ ተነገራቸው። በመጀመሪያው ሙከራ «ሃያ ነው» ብለው የተጫኑት 40 ኪሎ ሆኖ ተገኘ። ልጃቸው ቁጥሩን እያነበበላቸው ጠዋትና ማታ ሲለማመዱ እግራቸው መጠኑን ለየ። ሚዛን የሌለው ቤት የሚሆነው ሌላ ነው፤ ለእነዚያ ታካሚዎች በፊዚዮቴራፒ ክፍል ባለው ሚዛን ከመሄዳቸው በፊት ማለማመድ ይቻላል፤ ቤት ሲደርሱ ግን ልኩ ቶሎ ይረሳል።

ኅዳር 9 ሲመለሱ ያለ ክራንች ይራመዱ ነበር። የቀረው ችግር ግትርነት ነው፦ የእግራቸውን ፊት ወደ ላይ ማጠፍ የቻሉት ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው፤ በዚህም ዳገት መውጣትና ቁጢጥ ማለት ይከብዳቸዋል። ተረከዝ መሬት ሳይለቅ ጉልበትን ወደ ግድግዳ የሚያስጠጋ ልምምድ ተሰጣቸው። ተጨማሪው ብሎን አልወጣም። በብዙ ቦታ እንደ ልማድ ይወጣ የነበረ ቢሆንም፣ ካላስቸገረ መተው ከሌላ ቀዶ ሕክምናና ከቁስል መመረቅዝ ያድናል።

ለሌሎች ጉዳዮች የሚያገለግለው

ከዚህ ጉዳይ በኋላ በክፍላችን በእግር ማረፊያ መመሪያ ላይ አራት ነገሮች እንዲጻፉ ተስማማን፦ ምክንያቱ፣ መጠኑ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ቀኑ፣ እና ለውጡን የሚፈቅደው ሰው። ከአራቱ በብዛት የሚዘለለው የመጀመሪያው ነው፤ በመስቀል ሰሞን ያገዘው ግን እሱ ነበር።

ሁለተኛው ለውጥ ከመውጫው በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች ናቸው። መጸዳጃው የት ነው፣ ምን ዓይነት ነው፣ ግቢው ተዳፋት ነው ወይ፣ በር ላይ ደረጃ አለ ወይ። መልሶቹ መገኘት ያለባቸው ክራንች ከመታዘዙ በፊት ነው፤ በኮሪደር ላይ የተደረገ ልምምድ ጭቃ ላይ አይሠራምና።

እነዚህ ቀኖች ግን ለሁሉም ታካሚ የሚገለበጡ አይደሉም። ጅማቶቹ ያልተበጠሱ፣ ስብራቱ በውጭ በኩል ብቻ የሆነና በጥሩ ሁኔታ የተያዘ ታካሚ በሁለተኛው ሳምንት ሊረግጥ ይችላል፤ እሱን ስድስት ሳምንት ማስቀመጥ ባቱን ማሟሸሽና ገቢውን ማጉደል ነው። በተቃራኒው የስኳር ሕመም የእግሩን ስሜት ያጠፋበት ታካሚ የሕመም ማስጠንቀቂያ የለውም፤ አጥንቱም ቀስ ብሎ ይገጥማል። ለእሱ የማይረግጥበትን ጊዜ በእጥፍ ማራዘም የተለመደ ነው፤ ሕመም መጥፋትን የሚመለከተው ዓረፍተ ነገር ወጥቶ፣ በምትኩ በየማታው መርገጫውንና ተረከዙን በዓይን እንዲያይ ወይም ሌላ ሰው እንዲያይለት የሚል ይገባል።